የሞላና የፔንዱለም ውዝዋዜ በኮሳይን ሲጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በድሬዳዋ ቅዳሜና እሑድ ፊዚክስ ለሚያጠኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ከሐረር የሚመላለሱም ስላሉ አንዳንዱ ጥያቄ የእነርሱ ነው። ቀመሩን በቃላቸው የያዙ ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄው የሚበዛው ግን φ የምትባለዋ ፊደል ላይ ሲደረስ ስለሆነ መልሱም እዚያ ላይ ይረዝማል።

በ x = A cos(ωt + φ) ውስጥ የቱ ፊደል ከየት ይመጣል?

ω የዕቃው ናት። ሞላው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነና ምን እንደተንጠለጠለበት ካወቅን፣ ወይም የፔንዱለሙ ክር ምን ያህል እንደሚረዝም ከለካን፣ ω ተወስናለች። ማንም ሰው በየትኛውም መንገድ ቢያስነሳው አትለወጥም። A እና φ ግን የአስነሺው ናቸው። A ዕቃው ከዕረፍት ነጥቡ ምን ያህል እንደሚርቅ ትነግረናለች፤ φ ደግሞ ሰዓታችንን ዜሮ ላይ ባስነሣንበት ቅጽበት ዕቃው በዙሩ ውስጥ የት ደርሶ እንደነበር።

ስለዚህ በፈተና ላይ «የሞላው k ይህ ነው፣ መጠነ ቁሱ ይህ ነው፣ φ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ መልስ የለውም። አጀማመሩ አልተነገረማ። φ ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ በ t = 0 ዕቃው የት እንደነበር እና በምን ፍጥነት፣ ወደየት እየሄደ እንደነበር። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን ከታች በምሳሌ እናየዋለን።

ለምን ኮሳይን ሆነ? ሌላ የሚወዛወዝ መስመር የለም?

የሚወዛወዝ መስመር ሞልቷል፤ ሞላው ግን የሚጠይቀው አንድ የተለየ ነገር ነው። ዕቃው ከዕረፍት ነጥቡ በ x ሲርቅ ሞላው ወደኋላ በ kx ይጎትተዋል። ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉተታውም ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ዕረፍት ነጥቡ ነው። ይህ ማለት የዕቃው ሽምጠጣ በየቅጽበቱ −(k/m)x ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺየት ሲደረግ ራሱን፣ ምልክቱ ተገልብጦና በአንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ፣ መልሶ የሚሰጥ መስመር ነው። cos(ωt + φ) ሁለት ጊዜ ዲፈረንሺየት ሲደረግ −ω² cos(ωt + φ) ይሰጣል። ሁለቱ የሚገጥሙት ω² = k/m ሲሆን ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ብስክሌት ይገልብጥና ጎማውን በእኩል ፍጥነት ያሽከርክር። በጎማው ጠርዝ በኩል መብራት አብርቶ የጎማው መንፊያ አፍ በግድግዳ ላይ የሚጥለውን ጥላ ይመልከት። አፉ ክብ ይዞራል፣ ጥላው ግን ላይና ታች ይመላለሳል፤ ጫፎቹ ላይ ይዘገያል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል። የጥላው ከፍታ ልክ A cos(ωt + φ) ነው። ω የጎማው የመሽከርከር ፍጥነት በራዲያን በሰከንድ፣ φ ደግሞ ሰዓቱ ሲነሣ አፉ የነበረበት ማዕዘን። φ በማዕዘን የምትለካውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ በሞላው ላይ ምንም የሚዞር ነገር ባይኖርም።

የሞላው k ካልተሰጠ ω እንዴት ይገኛል?

ሚዛንም k-ም ሳያስፈልግ በማስመሪያ ብቻ ይገኛል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች የተገኘ ለስላሳ ሞላ በበር ጉበን ላይ ስቀሉ፤ ጫፉ የቆመበትን ምልክት አድርጉ። ከዚያ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ አንጠልጥሉበት። ጠርሙሱ ጎደሎ ከሆነ ውሃው ውስጡ እየተማታ ውዝዋዜውን ስለሚያበላሽ መሙላቱ ግዴታ ነው።

ጠርሙሱ ረግቶ ሲቆም ሞላው በ d ያህል ተስቧል እንበል። በዚያ ቦታ የሞላው ጉተታና የጠርሙሱ ክብደት እኩል ናቸው፣ kd = mg። ይህን ብናገላብጠው k/m = g/d ይሆናል። ስለዚህ ω = √(g/d)። ጠርሙሱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገንም፤ ክብደቱ በ d ውስጥ ገብቷል።

በቁጥር እንየው። d = 15.3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ g-ን 9.78 ወስደን፣ 9.78 ÷ 0.153 ወደ 64 ይሆናል፤ ω = 8.0 ራዲያን በሰከንድ። አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጀው ጊዜ T = 2π/ω = 0.785 ሰከንድ፤ ድግግሞሹ f = 1/T = 1.27 ኸርዝ። በእጅ ሰዓት አንድ ዙር መለካት ዋጋ የለውም፤ አሥር ዙር ቁጠሩና 7.85 ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አረጋግጡ። መቁጠር የሚጀመረው ከ«ዜሮ» ነው። «አንድ» ብሎ ሰዓቱን ያስነሣ ሰው ዘጠኝ ዙር ለክቶ አሥር ብሎ ይጽፋል፤ ውጤቱም አሥር በመቶ ያንሳል።

ሰዓቱ የሚለውና ቀመሩ የሚለው አልገጠሙም። ጥፋቱ የት ነው?

በየትኛው አቅጣጫ እንደሳተ እዩ፤ መልሱን ራሱ ይናገራል።

የተለካው ጊዜ ከተሰላው ጥቂት ከበለጠ፣ ማለትም አሥሩ ዙር 7.85 በመሆን ፋንታ 8.0 ሰከንድ ከፈጀ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሞላው የራሱ መጠነ ቁስ ነው። ሞላው አብሮ ይወዛወዛል፤ የታችኛው ጫፍ እንደ ጠርሙሱ ይሮጣል፣ የላይኛው ጫፍ ፍጹም አይንቀሳቀስም። ሒሳቡ ሲሠራ ከሞላው መጠነ ቁስ አንድ ሦስተኛው ከጠርሙሱ ጋር ይደመራል። ሞላው 60 ግራም ቢመዝን 20 ግራም በ500 ላይ ተጨመረ ማለት ነው፤ ይህ ጊዜውን በ2 በመቶ ያረዝመዋል፣ 7.85 ወደ 8.0 ይሄዳል።

የተለካው ጊዜ ከተሰላው በጣም ከበለጠ ግን ሞላውን ባዶውን ተመልከቱ። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚገኙ ከሆነ ፋብሪካው ሲሠራው አጥብቆ ጠቅልሎታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞላ ጥቂት ክብደት እስኪሰቀልበት ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ነው በእኩል ደረጃ የሚሳበው። ከባዶው የለካችሁት d ያነሰ ይሆንና ω በሐሰት ትተልቃለች። ለምሳሌ d 12 ሴንቲ ሜትር ቢሰጣችሁ ቀመሩ ለአሥር ዙር 6.96 ሰከንድ ይላል፣ እውነቱ 7.85 ሆኖ ሳለ። መፍትሔው ሁለት ጭነት ማወዳደር ነው። 250 ግራም ከሰቀላችሁ በኋላ ሌላ 250 ጨምሩ፣ ጭማሪው ሞላውን ስንት እንደሳበው ለኩ። 7.65 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለ500 ግራም የሚሆነው ትክክለኛ d የዚያ እጥፍ፣ 15.3 ነው።

ሦስተኛው ችግር አስገራሚ ነው። ጠርሙሱ ላይና ታች በሥርዓት ሲሄድ ይቆይና ማንም ሳይነካው ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፤ የላይ ታቹ እየከሰመ፣ የጎኑ እየበረታ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። ይህ የሚሆነው የሞላው ድግግሞሽ ጠርሙሱ እንደ ፔንዱለም ከሚኖረው ድግግሞሽ እጥፍ አካባቢ ሲሆን ነው። ከመስቀያው እስከ ጠርሙሱ መሐል ያለው ርዝመት የ d አራት እጥፍ ሲጠጋ፣ በእኛ ምሳሌ 61 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወጥመዱ ውስጥ ገብታችኋል። ከሞላው በላይ ክር ጨምሩበት ወይም ቀንሱለት፣ ይተዋችኋል።

φ እንዴት ይሰላል? ምሳሌው ከነቁጥሩ ይቅረብልን።

ω = 8.0 የሚሰጥ ቀላል ሞላ እንያዝ። ወደ ታች ያለውን አቅጣጫ አዎንታዊ እንበል፤ ይህን ከሒሳቡ በፊት ጻፉት፣ ምክንያቱም አቅጣጫው ሲገለበጥ φ በ π ትለወጣለች። ከጠርሙሱ ጎን ማስመሪያ አቁሙና በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ 30 ምስል ያነሣሉ፤ በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል 1/30 ሰከንድ አለ ማለት ነው።

አንዱን ምስል ምረጡና t = 0 በሉት። በዚያ ምስል ላይ ጠርሙሱ ከዕረፍት ነጥቡ 3.0 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ከእሱ በፊት ባለው ምስል 3.9 ነበር፣ በሚቀጥለው 1.8 ሆኗል። በ2/30 ሰከንድ ውስጥ 2.1 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሄደ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.32 ሜትር ገደማ፣ ምልክቱ አሉታዊ። ስለዚህ x₀ = 0.03 ሜትር፣ v₀ = −0.32 ሜትር በሰከንድ።

አሁን ቀመሩንና የፍጥነቱን ቀመር t = 0 ላይ እንጻፍ። x₀ = A cos φ ነው። ፍጥነቱ −Aω sin(ωt + φ) ስለሆነ v₀ = −Aω sin φ። ሁለተኛውን በ −ω ስናካፍል A sin φ = −v₀/ω = 0.32 ÷ 8.0 = 0.04 ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያው A cos φ = 0.03 ሜትር ይላል። የአንድ ባለ ቀጥ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች 3 እና 4 ከሆኑ ሦስተኛው 5 ነው፤ A = 0.05 ሜትር። cos φ = 0.6፣ sin φ = 0.8፣ ስለዚህ φ = 0.927 ራዲያን፣ በዲግሪ 53.1። ሙሉው ጽሑፍ፦

x = 0.05 cos(8.0t + 0.927)

ውጤቱን ሳትፈትኑ አትለፉ። ጠርሙሱ በዕረፍት ነጥቡ የሚያልፈው በቅንፍ ውስጥ ያለው π/2 ሲሆን ነው፤ 8.0t + 0.927 = 1.571፣ t = 0.08 ሰከንድ። ይህ ሁለት ምስል ተኩል ያህል ነው። ቪዲዮውን ከመረጣችሁት ምስል ሁለትና ሦስት ምስል ወደፊት አስኪዱት፤ ጠርሙሱ በዕረፍት ነጥቡ ምልክት ዙሪያ ካልተገኘ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ቦታው ብቻ ለምን እንደማይበቃም እዚህ ይታያል። ጠርሙሱ በአንድ ዙር ውስጥ በ3 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ አንዴ ሲወርድ፣ አንዴ ሲወጣ። cos φ = 0.6 ለሁለቱም እኩል እውነት ነው፤ φ ግን ሲወጣ +0.927፣ ሲወርድ −0.927 ናት። የሚለያቸው የፍጥነቱ ምልክት ነው።

መጽሐፉ tan φ = −v₀/(ωx₀) ይላል። ካልኩሌተሩ ግን የተሳሳተ φ ይሰጠኛል።

ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም፤ ግማሹን መረጃ አጥፍታችሁ ሰጥታችሁት ነው። ሁለት ቁጥሮችን ስታካፍሉ ምልክቶቻቸው ይዋሃዳሉ። አሉታዊ በአዎንታዊ ተካፍሎ የሚሰጠው አሉታዊ በመሆኑ፣ አሉታዊው ከላይ ይሁን ከታች ካልኩሌተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሌላ ምስል እንምረጥ። አሁን ጠርሙሱ ከዕረፍት ነጥቡ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፣ እየወጣም ነው፤ x₀ = −0.03፣ v₀ = −0.32። A cos φ = −0.03፣ A sin φ = +0.04። ካልኩሌተሩ የ −1.333ን ማዕዘን ሲጠየቅ −0.927 ይላል። ይህን ቀመሩ ውስጥ መልሱና t = 0 ላይ አስሉት፦ 0.05 × cos(−0.927) = +0.03። ጠርሙሱ ከላይ ሆኖ ሳለ ቀመራችሁ ከታች ያስቀምጠዋል።

ደንቡ ቀላል ነው። x₀ አሉታዊ ሲሆን ካልኩሌተሩ በሰጠው ላይ π ጨምሩ። −0.927 + 3.142 = 2.214 ራዲያን፤ ኮሳይኑ −0.6፣ ሳይኑ +0.8፣ ሁለቱም ገጠሙ። x₀ አዎንታዊ ሲሆን ግን ምንም አትጨምሩ። x₀ ዜሮ ሲሆን ደግሞ ማካፈል ስለማይቻል ታንጀንቱን ተዉት፤ ወደ አዎንታዊው አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ φ = −π/2፣ ወደ አሉታዊው ከሆነ +π/2።

በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ሳያካፍል ለየብቻ የሚቀበል ትእዛዝ አለ፤ ምልክቶቹን ራሱ ይጠብቃል፦

```
import math
w, x0, v0 = 8.0, -0.03, -0.32
A = math.hypot(x0, v0/w)
phi = math.atan2(-v0/w, x0)
print(A, phi)   # 0.05  2.214
```

በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው የሳይኑ ክፍል፣ ቀጥሎ የኮሳይኑ ነው። ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው።

φ ስትደመር ግራፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል ወይስ ወደ ግራ?

ወደ ግራ። «መደመር ወደፊት ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ይህ አይዋጥለትም፤ ነገር ግን ኮሳይን ጫፉ ላይ የሚደርሰው ቅንፉ ዜሮ ሲሆን ነው። 8.0t + 0.927 = 0 የሚሆነው t = −0.116 ሰከንድ ላይ ነው። ይኸውም ጠርሙሱ ታችኛው ጫፍ ላይ የነበረው ሰዓቱ ከመነሣቱ 0.116 ሰከንድ በፊት ነው። አዎንታዊ φ ያለው ውዝዋዜ φ ከሌለው ይቀድማል፣ አሉታዊ φ ያለው ወደኋላ ይቀራል። የቀደመው ወይም የዘገየው ጊዜ φ/ω ነው። ራዲያኑ ግራ ሲያጋባችሁ ወደ ሰከንድ ለውጡት፤ 0.927 ራዲያን ከማለት «ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ ጥቂት ቀደም ብሎ» ማለት ይበልጥ ይጨበጣል።

መልሱ በሳይን ተጽፎ ባገኘውስ?

አንድ ነው። A cos(ωt + φ) እና A sin(ωt + φ + π/2) ያው አንድ መስመር ነው። በኮሳይን 0.927 የነበረችው φ በሳይን 2.498 ትሆናለች። የሁለት ተማሪዎች φ ስለተለያየች ብቻ አንዱ ተሳስቷል አይባልም፤ መጀመሪያ በየትኛው እንደጻፉ ይጠየቁ። ዕቃውን ጎትቶ ዝም ብሎ ለለቀቀ ሰው ግን ኮሳይን ይቀላል፣ φ ዜሮ ትሆንለታለችና።

DEG እና RAD ያን ያህል ያለያያል?

የእኛን ጠርሙስ t = 0.5 ላይ አስሉት። ቅንፉ 4.927 ይሆናል። ካልኩሌተሩ RAD ላይ ከሆነ x = 1.07 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ DEG ላይ ከሆነ 4.98 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው ቁጥር የሚያሳስተው ከ5 ስለማይበልጥ ትክክል መምሰሉ ነው። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው፦ t-ን ብትለዋውጡም መልሱ ከ A ብዙ የማይርቅ ከሆነ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ነው።

ለፔንዱለምስ? የድሬዳዋ g 9.81 ነው ወይስ ሌላ?

ለፔንዱለም ω = √(g/L)፣ የሚወዛወዘው ደግሞ ማዕዘኑ ነው፤ θ = θ₀ cos(ωt + φ)። A እና φ የሚገኙት ለሞላው ባየነው መንገድ ነው። የተንጠለጠለው ድንጋይ ከባድ ይሁን ቀላል ጊዜው አይለወጥም፤ ርዝመቱ ግን መለካት ያለበት እስከ ድንጋዩ መሐል እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም።

g-ን በተመለከተ፣ መጻሕፍቱ የሚሰጡት 9.81 ለአውሮፓ ኬክሮስ የሚስማማ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ከባሕር ጠለልም ከፍ ብለናል፤ በድሬዳዋም በሐረርም 9.78 መውሰድ ይሻላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ዣን ሪሼ የተባለው ፈረንሳዊ በ1672 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የፔንዱለም ሰዓት ከፓሪስ ይዞ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው ካየን ሲሄድ፣ ሰዓቱ በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደኋላ ሲቀርበት ፔንዱለሙን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ለማሳጠር ተገድዷል።

በክፍል ውስጥ ልዩነቱ ትንሽ ነው። አንድ ሜትር ክር በ9.78 ሲሰላ T = 2.009 ሰከንድ፣ በ9.81 ሲሰላ 2.006። ከመቶ ዙር በኋላ እንኳ የሚለያዩት በ0.3 ሰከንድ ሲሆን፣ ሰዓት በሚጫን ጣት መዘግየት ሊዋጥ የሚችል ነው። ክሩን በአንድ ሴንቲ ሜትር አሳስቶ የለካ ሰው ከዚህ የበለጠ ይስታል። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይርሳ፦ የጣሪያው ቬንቲላተር እየዞረ ፔንዱለም አይለካም። ሙቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ቻሉት።

ስንት ዲግሪ ድረስ ብለቀው ነው ኮሳይን የሚሠራው?

ቀመሩ የተገኘው sin θ-ን በ θ በመተካት ስለሆነ ለጠባብ ማዕዘን ብቻ ነው። በ10 ዲግሪ ሲለቀቅ ጊዜው ከቀመሩ በ0.2 በመቶ ይረዝማል፣ በ20 ዲግሪ በ0.8፣ በ45 ዲግሪ በ4፣ በ90 ዲግሪ በ18 በመቶ። ከ20 በታች ሆናችሁ ብትሠሩ ለእጅ ሰዓት ይበቃል። ሞላ ይህ ችግር የለበትም፤ የእሱ ገደብ ጥቅልሎቹ ሲገጣጠሙ ወይም ክሩ ሲረግብ ነው።

የድሬዳዋ የፔንዱለም ሰዓት ሐረር ቢሄድ ይዘገያል?

ከሐረር የመጣ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እንደሚመስለው ቀጥተኛ አይደለም። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በደንገጎ ዳገት አልፈን ሐረር ስንደርስ 1,900 ሜትር እንጠጋለን። ከፍታ በጨመረ ቁጥር g ትቀንሳለች፤ በየ100 ሜትሩ ሰዓቱ በቀን ወደ አንድ ሰከንድ ይዘገያል፣ በጠቅላላው ሰባት ሰከንድ ገደማ። ነገር ግን ሐረር ከድሬዳዋ ትቀዘቅዛለች። የናስ ዘንግ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ ሰዓቱም በየአንዱ ዲግሪ በቀን 0.8 ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። አምስት ዲግሪ ከቀዘቀዘ አራት ሰከንድ ተመለሰ ማለት ነው። ሁለቱ ተጣጥፈው የሚቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ዘንጉ ከብረት ከሆነ ብዙም ስለማያጥር የሚቀረው ትንሽ ይበልጣል።

ሁለት ፔንዱለሞች አብረው ተለቀው ለምን ይለያያሉ?

ድግግሞሻቸው ስለማይተካከል። ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ፔንዱለሞች በተለያየ ጊዜ ቢለቀቁ የ φ ልዩነታቸው እስከመጨረሻው ያው ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ በዚያው ልክ ይቀድማል። አንዱን በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብታሳጥሩት ግን ታሪኩ ይለወጣል። የ1.00 ሜትሩ ዙር 2.009 ሰከንድ፣ የ0.98 ሜትሩ 1.989 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ላይ ብትለቋቸው አጭሩ በየዙሩ በጥቂቱ እየቀደመ ከ100 ሰከንድ በኋላ ልክ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገኛሉ፣ ከ3 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ እንደገና ጎን ለጎን ይሆናሉ። ሁለት መመዝገቢያ ሲለያይባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ልዩነቱ ባለበት ከቆየ φ ላይ ነው የተሳሳታችሁት፣ እያደገ ከሄደ ω ላይ።

ውዝዋዜው እየደከመ ሲሄድ ቀመሩ አይፈርስም?

A ቀስ በቀስ ትቀንሳለች እንጂ ω እምብዛም አትነካም። ስፋቱ በሃያ ዙር ውስጥ ግማሽ የሚሆን ሞላ እንኳ ድግግሞሹ የሚለወጠው ከመቶ ሺህ ሁለት እጅ በታች ነው። ስለዚህ ዙር ስትቆጥሩ ጠርሙሱ ቢደክምም ቁጥራችሁን አታቋርጡ። A-ን የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከቪዲዮው መጀመሪያ ውሰዱ፤ x₀ እና v₀ የተነበቡበት ምስልም ከዚያው አካባቢ ይሁን።